ምክሮቹን በምን ቅደም ተከተል እንደርድራቸው? ጠንካራው መጨረሻ ላይ የሚመጣበት የዝርዝር ቪዲዮ ስክሪፕት አጻጻፍ

ሐዋሳ ውስጥ ቪዲዮ የሚሠሩ ወጣቶች ስክሪፕታቸውን ይዘው ሲመጡ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «አምስት ምክር አለኝ፤ የትኛውን ላስቀድም?» ብዙዎቹ ምክሮቹን ወደ ጭንቅላታቸው በመጡበት ቅደም ተከተል ይጽፋሉ። ከዚያ ተመልካች ሁለተኛው ላይ ሲወጣባቸው ጥፋቱን ወደ ካሜራው ወይም ወደ ድምፁ ይወስዱታል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ድርደራው ላይ ነው።

ለማሳያ የወሰድኩት እዚሁ ከተማችን ያለ ጉዳይ ነው፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዶ ትኩስ ዓሣ መምረጥ። ቪዲዮው የሦስት ደቂቃ ነው። የእናንተ ርዕስ ሌላ ቢሆንም ደረጃዎቹን እንዳሉ መከተል ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- አሥር ያህል ትናንሽ ቁራጭ ወረቀቶች። ደብተር አይተካቸውም፤ ቦታ እያቀያየራችሁ ማየት አለባችሁ።
- ሁለት ቀለም እስክሪብቶ።
- ሰዓት መቁጠሪያና ድምፅ መቅጃ ያለው ስልክ።
- ስለ ርዕሱ ብዙ የማያውቅ አንድ ሰው። ስክሪፕቱን ታነቡለታላችሁ።
- ቀረጻው ገበያ ውስጥ ከሆነ ለማይኩ የንፋስ መከላከያ። ጠዋት ጸጥ ያለ ቢመስልም የሐይቁ ንፋስ ድንገት ይነሳል።

ደረጃ 1፦ ተመልካቹንና የምትገቡለትን ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ለምሳሌ፦ «ሐዋሳ ብቻውን ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ዓሣ ገዝቶ የማያውቅ ሰው፣ ከቪዲዮው በኋላ የትናንቱን ዓሣ ከዛሬው ይለያል።»

ይህን የምትጽፉት አንድ ምክር ጠንካራ ወይም ደካማ የሚሆነው ለሚሰማው ሰው ስለሆነ ነው። «ዓሣውን በስለት አጋድማችሁ ብለቱት» የሚለው ለምግብ ቤት ሠራተኛ ጥሩ ምክር ይሆናል። የኛ ሰው ግን ገና አልገዛም። ዓረፍተ ነገሩ ካልተጻፈ ምክሮቹን የምትመዝኑበት ነገር አይኖራችሁም፤ ድርደራችሁም ግምት ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ምክሮቹን እያንዳንዳቸውን በየወረቀቱ ጻፉና ቀንሱ

መጀመሪያ ሳትመርጡ ያላችሁን ሁሉ ጻፉ። በኛ ምሳሌ ስምንት ወረቀት ወጣ፦ በጠዋት መሄድ፣ ጥላ ውስጥ ወይም በረዶ ላይ ካስቀመጠ ሻጭ መግዛት፣ ዓይኑን ማየት፣ ቅርፊቱን ማየት፣ ሥጋውን በጣት መጫን፣ ማሽተት፣ መተንፈሻውን ገልጦ ማየት፣ ዋጋ መከራከር።

አሁን እያንዳንዱን ከደረጃ 1 ዓረፍተ ነገር ጋር አስተያዩ። ዋጋ መከራከር ወዲያው ይወጣል፤ ቃል የገባነው ስለ ትኩስነት ነው። ይህን ማውጣት ለብዙ ሰው ይከብደዋል፤ «ግን እኮ ይጠቅማል» ይላል። እውነት ነው፣ ይጠቅማል፤ ለሌላ ቪዲዮ። በጠዋት መሄድና ጥላ መፈለግ ሁለቱም ስለ ሰዓትና ስለ ፀሐይ ስለሆኑ አንድ ይሆናሉ። ቅርፊቱ ደግሞ ከዓይኑ ጋር ይሄዳል፤ ሁለቱም ሳይነኩ በማየት ብቻ የሚታወቁ ናቸው። አምስት ቀሩ።

ለሦስት ደቂቃ ከአምስት በላይ አትያዙ። ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሦስት ይበቃል።

ደረጃ 3፦ በእርግጥ ዝርዝር መሆኑን አረጋግጡ

ወረቀቶቹን በውዙና በወጡበት ቅደም ተከተል ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንዱ ምክር ሌላው ካልቀደመው ትርጉም የሚያጣ ከሆነ በእጃችሁ ያለው ዝርዝር አይደለም፤ የሥራ ሂደት ነው። «ዓሣውን ጥበሱ» ከ«ዓሣውን አጽዱ» ሊቀድም አይችልም። የሥራ ሂደት በጥንካሬ አይደረደርም፤ በቅደም ተከተሉ ብቻ ይነገራል። በግድ ካመሳቀላችሁት ተመልካቹ ግራ ይጋባል።

የኛ አምስቱ እንዴትም ቢቀያየሩ ትርጉም ይሰጣሉ። ማሽተት ከማየት ቢቀድምም ችግር የለውም። ስለዚህ መደርደር እንችላለን።

ደረጃ 4፦ ጥንካሬያቸውን መዝኑ

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። «ጠንካራው የቱ ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ራሳችሁ የምትወዱትን ትመርጣላችሁ። በምትኩ ለእያንዳንዱ ወረቀት አራት ጥያቄ አቅርቡ። ለሁሉም ሁኔታ ይሠራል? ሊያታልል ይችላል? በካሜራ ይታያል? ተመልካቹ ቀድሞ ያውቀዋል? መልሶቹን በሁለተኛው ቀለም ከወረቀቱ ሥር ጻፉ።

የኛን እንይ።

*ጠዋትና ጥላ።* ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ደግሞ ስለ ሻጩ እንጂ እጃችሁ ላይ ስላለው ዓሣ አይነግራችሁም። ደካማው ይህ ነው።

*ማሽተት።* ለሁሉም ዓይነት ዓሣ፣ ለፊሌቶም ጭምር ይሠራል። ግን ሽታ በካሜራ አይታይም። ገበያው ራሱም ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ከደካማው ከፍ ይላል፤ ብዙ ግን አይደለም።

*ዓይን።* በካሜራ በጣም ያምራል። የትኩስ ቆሮሶ ዓይን ጥርት ያለና ወጣ ያለ ነው፤ ሲቆይ ይደፈርሳል፣ ወደ ውስጥም ይገባል። አምባዛ ላይ ግን አይረዳም፤ ዓይኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ቅርፊትም የለውም። በረዶ የነካው ዓይንም ዓሣው ሳይበላሽ ሊደፈርስ ይችላል። መካከለኛ ነው።

*በጣት መጫን።* ለቆሮሶም፣ ለአምባዛም፣ ለፊሌቶም ይሠራል። ጣት የተጫነው ቦታ ሲመለስ ወይም ጎድጉዶ ሲቀር በካሜራ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛው ጠንካራ ይህ ነው።

*መተንፈሻውን ማየት።* ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ቀና ስታደርጉ ከሥሩ ዓሣው የሚተነፍስበት ክፍል አለ። ትኩስ ሲሆን ደማቅ ቀይ ነው፤ ሲቆይ ወደ ቡናማና አመድማ ይሄዳል፣ ይዝለገለጋልም። ለሁለቱም ዓሣ ይሠራል። ቆዳው ላይ ውኃ ማርከፍከፍ ዓሣውን ያብረቀርቀዋል፤ እዚህ ግን ክዳን አለ። ለጀማሪ ገዢ ደግሞ አዲስ ነገር ነው። ገደቡ አንድ ነው፤ ጭንቅላቱ ከተቆረጠ አይረዳም። ጠንካራው ይህ ነው።

አንድ ምክር አራቱንም ጥያቄ ካላለፈ አትደንግጡ፤ ከሌሎቹ በላይ ማለፉ ይበቃል። ሁለት ምክሮች እኩል ከወጡ ግን በካሜራ የተሻለ የሚታየውን ወደ መጨረሻ ውሰዱ። የምታዘጋጁት ቪዲዮ ነው፤ የመጨረሻው ደቂቃ በዓይን የሚያዝ መሆን አለበት።

ደረጃ 5፦ ደርድሩ

አምስት ምክር ሲሆን ድርደራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለተኛው ጠንካራ፣ ቀጥሎ ደካማው፣ ከዚያ ወደ ላይ እየወጣችሁ መጨረሻ ላይ ጠንካራው።

ለምን ከደካማው አትጀምሩም? ገና ያልተማመነባችሁ ተመልካች የመጀመሪያውን ምክር ሰምቶ ነው የሚወስነው። «በጠዋት ሂዱ» ብላችሁ ከከፈታችሁ የቀረውም እንደዚያ ነው ብሎ ይወጣል። ለምን ከጠንካራው አትጀምሩም? ያኔ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ይሆናል፤ ተመልካቹም ይሰማዋል። ሁለተኛው ጠንካራ በሩ ላይ ቆሞ ያስገባል። ደካማው ሁለተኛ ቦታ ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ ሰው ጥሩ ነገር ሰምቶ ገና ስለገባ አሥራ አምስት ሰከንድ ይታገሳል።

የኛ፦ ጣት፣ ጠዋትና ጥላ፣ ሽታ፣ ዓይን፣ መተንፈሻ።

ምክሮቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ጣት፣ ዓይን፣ መተንፈሻ ይሆናል። ያው ሕግ ነው።

> ማስጠንቀቂያ፦ ተመልካቹ ካልሰማው የሚጎዳበት ነገር ካለ ለመጨረሻ አታቆዩት። ብዙ ሰው መጨረሻ ሳይደርስ ይወጣል። በኛ ምሳሌ «የሚከረፋ ዓሣ ቢጠበስም አይድንም፤ አትግዙ» የሚለው መክፈቻው ውስጥ መግባት አለበት። ከመድኃኒት፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከጋዝና ከገንዘብ ጋር በተያያዘ ርዕስ ላይ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ጥንካሬና አደጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ደረጃ 6፦ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ፈልጉ

ድርደራው ብቻውን ተመልካቹን ወደ ፊት አይገፋም። የሚገፋው እያንዳንዱ ምክር የሚተወው ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱን ወረቀት አንሱና «ይህ ምክር ምን ላይ አይሠራም?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቀጣዩን ምክር መጥራት አለበት።

ጣት ጥሩ ነው፤ ግን የገበያውን ዓሣ ሁሉ እየተጫናችሁ አትዞሩም። የትኛው ሻጭ ጋ ትጀምሩ? ጠዋትና ጥላ ይህን ይመልሳል። ግን ጥላ ውስጥ የትናንት ዓሣም ይቀመጣል። ሽታ ይለየዋል። ግን ገበያው ሁሉ ይሸታል። ዓይን ይረዳል። ግን አምባዛስ? መተንፈሻ።

ልብ በሉ፤ «ግን» የሚለው ቃል ነው ሥራውን የሚሠራው። «በተጨማሪም» ወይም «ሌላው ደግሞ» ብላችሁ ካገናኛችሁ ምክሮቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ማንም ቢወጣ የሚጎድልበት ነገር የለም። «ግን» ስትሉ ያመለጠ ነገር እንዳለ ተናገራችሁ፤ ተመልካቹም ሊሰማው ይቆያል።

ክፍተቱ እውነተኛ መሆን አለበት። የሌለ ችግር ከፈጠራችሁ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ውስጥ ያጋልጣችኋል። ሁለት ምክሮች በምንም መልኩ በ«ግን» አልገናኝ ካሉ፣ ጥንካሬያቸው የተቀራረበ የሆኑትን ቦታ አቀያይሩና እንደገና ሞክሩ። ሽታንና ዓይንን ያቀያየርኩበት ጊዜ አለ። ዓይንን አስቀድሜ ሽታን ሳስከትል ወደ መተንፈሻ የሚወስድ መንገድ ጠፋ፤ ሽታ ለአምባዛም ስለሚሠራ «አምባዛስ?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ተመለሰ። ስለዚህ ዓይን አራተኛ ሆኖ ቀረ።

ደረጃ 7፦ ሰከንዶቹን አከፋፍሉ

መጀመሪያ የራሳችሁን የንባብ ፍጥነት ለኩ። ማንኛውንም ጽሑፍ ካሜራ ፊት እንደምትናገሩት አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ አንብቡና ቃላቱን ቁጠሩ። በደቂቃ 100 ቃል የምታነቡ ከሆነ 30 ሰከንድ ማለት 50 ቃል ነው። የሌላ ሰው ቁጥር አይሠራላችሁም።

የኛ 180 ሰከንድ እንዲህ ተከፈለ፦

| ክፍል | ሰከንድ |
|---|---|
| መክፈቻ | 20 |
| በጣት መጫን | 30 |
| ጠዋትና ጥላ | 15 |
| ሽታ | 25 |
| ዓይን | 35 |
| መተንፈሻ | 50 |
| መዝጊያ | 5 |

ጊዜውን እኩል አታካፍሉ። ደካማው 36 ሰከንድ ቢያገኝ ተመልካቹ ደካማ መሆኑን ለማወቅ በቂ ጊዜ አገኘ ማለት ነው። ከሁለተኛው ምክር በኋላ ሰከንዶቹ እየጨመሩ መሄዳቸው ራሱ ነገሩ እየከበደ መምጣቱን ያሳያል።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻውን ምክር መጀመሪያ ጻፉ

መድረሻውን ሳታውቁ መንገዱን መጻፍ አትችሉም። ጠንካራው ምክር በወረቀት ላይ ካለ፣ ሌሎቹን ስትጽፉ ሳታስቡት ቀድማችሁ እንዳትነግሩት ትጠነቀቃላችሁ። መክፈቻው በመጨረሻ ይጻፋል።

የኛ ስክሪፕት ሙሉው ይኸው።

*መክፈቻ*
«አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዙ መጣችሁ። የጠየቃችሁት ሻጭ ሁሉ ‹የዛሬ ነው› ይላችኋል። የሚከረፋ ዓሣ ቢጠበስም አይድንም፤ እሱን አትግዙ። የማይከረፋውን የምትለዩበት አምስት ዘዴ አለ። አምስተኛው ለቆሮሶም ለአምባዛም ይሠራል፤ ቆዳው ላይ ውኃ በማርከፍከፍም አይደበቅም።»

*ጣት*
«ዓሣውን በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ትኩስ ከሆነ ሥጋው ወዲያው ይመለሳል። ከቆየ የጣታችሁ ምልክት ጎድጉዶ ይቀራል። ፊሌቶ ብትገዙም ያው ነው። ግን ገበያው ሙሉ ዓሣ ነው፤ ሁሉንም እየተጫናችሁ አትዞሩም። የቱ ጋ ትጀምሩ?»

*ጠዋትና ጥላ*
«በጠዋት ሂዱ። ዓሣውን ጥላ ውስጥ ወይም በረዶ ላይ ያስቀመጠውን ሻጭ ፈልጉ፤ ፀሐይ የመታው ዓሣ ቶሎ ይበላሻል። ግን ጥላ ውስጥ የትናንት ዓሣም ይቀመጣል።»

*ሽታ*
«ስለዚህ ወደ አፍንጫችሁ አቅርቡት። ትኩስ ዓሣ ቀለል ያለ የውኃ ሽታ አለው። መጎምዘዝ ወይም መክረፋት ከጀመረ መልሱት። ግን ገበያው ራሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ትንሽ ከቆያችሁ አፍንጫችሁ ይለምደዋል። ያኔ ዓይናችሁን ተጠቀሙ።»

*ዓይን*
«የቆሮሶውን ዓይን እዩ። ጥርት ብሎ ወጣ ካለ ጥሩ ነው። ከደፈረሰና ወደ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ቅርፊቱም ከቆዳው ጋር የተጣበቀና የሚያበራ መሆን አለበት። ግን በረዶ የነካው ዓይን ዓሣው ሳይበላሽም ሊደፈርስ ይችላል። ደግሞ አምባዛ መግዛት ብትፈልጉስ? ዓይኑ ትንሽ ነው፤ ቅርፊት የለውም።»

*መተንፈሻ*
«‹ወንድሜ፣ ክዳኑን ላንሳው?› ብላችሁ አስፈቅዱ። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን በአውራ ጣታችሁ ቀና አድርጉት። ዓሣው የሚተነፍሰው በዚህ ነው። እዩት፤ ደማቅ ቀይ። ይህን ግዙ። አሁን ትናንት የገዛሁትን እዩ። ቡናማ ሆኗል፣ ይዝለገለጋል። ከውጭ ሁለቱ አንድ ይመስሉ ነበር። አምባዛም ቢሆን በዚሁ ይታወቃል። ጭንቅላቱ የተቆረጠ ከሆነ ብቻ ወደ መጀመሪያው ዘዴ ተመለሱ፤ በጣታችሁ ጫን አድርጉት።»

*መዝጊያ*
«ነገ ጠዋት ሞክሩት።»

የመተንፈሻው ክፍል ሲነበብ 50 ሰከንድ አይሞላም። ሆን ብዬ ነው። ሁለቱ ዓሦች ጎን ለጎን ሲታዩ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ተመልካቹ ልዩነቱን በራሱ ዓይን ያገኘዋል። እዚያ ላይ ከተናገራችሁ ዓይኑን ትከፋፍሉታላችሁ።

መክፈቻውም ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። አምስተኛው ምን *እንደሚያደርግ* ተነገረ፤ ምን *እንደሆነ* ግን አልተነገረም። «እስከ መጨረሻ ካላያችሁ ይቆጫችኋል» ማለት ባዶ ነው። «ለአምባዛም ይሠራል፣ ውኃ አይደብቀውም» ማለት ግን የሚጨበጥ ቃል ነው፤ በኋላም ተፈጽሟል። ያልፈጸማችሁት ቃል ለቀጣዩ ቪዲዮ ይተርፋችኋል፤ ሰው አይከፍተውም።

ደረጃ 9፦ ለአንድ ሰው አንብቡለት

ያ ስለ ርዕሱ የማያውቅ ሰው ይቀመጥ። ስክሪፕቱን በሰዓት እየለካችሁ አንብቡለትና ስልኩን አጥፍታችሁ ሌላ ወሬ አውሩ። ቡናው ከተጠጣ በኋላ «የትኛውን ታስታውሳለህ?» በሉት።

«መተንፈሻውን» ካለ ድርደራው ይዟል። «ዓይኑን» ካለ ወይ ጠንካራውን በስህተት መርጣችኋል፣ ወይ የመጨረሻውን ክፍል ደካማ አድርጋችሁ ጽፋችሁታል። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና አራቱን ጥያቄዎች እንደገና ጠይቁ። «ወደዳችሁት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጓደኛ ሁልጊዜ ወደድኩት ይላል።

ደረጃ 10፦ መጨረሻ የሚመጣውን መጀመሪያ ቅረጹ

የቀረጻ ቅደም ተከተል ከስክሪፕቱ ቅደም ተከተል ጋር አንድ መሆን የለበትም። ማለዳ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ዓሣው ገና ወጥቷል፣ እናንተም አልደከማችሁም። ስለዚህ አሞራ ገደል ስትደርሱ መተንፈሻውን ቅረጹ። ጥላ የሚያሳየውን ሾት ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ብትቀርጹት እንዲያውም ይሻላል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለመክፈቻ የሚያምር ምስል ይሰጧችኋል፤ ዓሣ የሚጸዳበት ቦታ አጠገብ ይሰበሰባሉ። ግን ከአንድ ሾት በላይ አትውሰዱ። ያምራሉ፤ ምክር ግን አይደሉም።

> ማስጠንቀቂያ፦ የቆየውን ዓሣ ከአንድ ሻጭ መደብ ላይ አትቅረጹ። ራሳችሁ ከአንድ ቀን በፊት ገዝታችሁ አስቀምጡት፤ በቪዲዮውም «ትናንት የገዛሁት ነው» በሉ። የሰውን መደብ «የተበላሸ» ብሎ ማሳየት እንጀራውን መንካት ነው። ፊታቸው የሚታይ ሰዎችን ደግሞ ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ። ለማሳያ ያስቀመጣችሁትን ዓሣ አትብሉት።

ደረጃ 11፦ ከለቀቃችሁት በኋላ ግራፉን አንብቡ

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች በየትኛው ሰከንድ እንደወጣ የሚያሳይ መስመር አለ። ከስክሪፕታችሁ ሰከንዶች ጋር አስተያዩት። መስመሩ ቀስ ብሎ መውረዱ የተለመደ ነው። ፍለጋችሁ ድንገት የሚወርድበት ቦታ ነው።

ከ30ኛው ሰከንድ በፊት ገደል ከሆነ መክፈቻው የገባው ቃል አልተጨበጠም፣ ወይም ርዕሱና መክፈቻው አልተገናኙም። ደካማው ምክር ላይ ከወረደ አሳጥሩት ወይም ከጣሉት ምንም እንደማይጎድል እዩ። ዓይኑ ላይ ወድቆ መተንፈሻው ላይ ሽቅብ ካለ፣ ሰዎች አራተኛውን ዘለው ወደ አምስተኛው እየሄዱ ነው፤ አራተኛው ረዝሟል።

ቪዲዮውን በምዕራፍ መከፋፈል ከፈለጋችሁ ዝርዝሩ ከ0:00 መጀመር አለበት፤ ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ስም «መተንፈሻውን ማየት» ካላችሁት የደበቃችሁትን ራሳችሁ ገለጣችሁት። እኔ የምመክረው በሚመልሰው ጥያቄ መሰየም ነው፦ «አምባዛስ?» የሚል ስም ተመልካቹን አያታልልም፤ ነገሩንም አያወጣም።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

«በመጨረሻም» ብሎ ጠንካራውን ምክር መጀመር። ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ያለቀ ይመስለውና ጣቱ ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ ይሄዳል። ግራፉ ላይ ከጠንካራው ምክር ሁለት ሦስት ሰከንድ ቀድሞ ውድቀት ካያችሁ ይህን ቃል ፈልጉ። ቁጥሩን ብቻ ተናገሩ፣ ወይም እንደኛ በጥያቄ ግቡ።

ከጠንካራው በፊት «ሰብስክራይብ አድርጉ» ማለት። ተመልካቹን አራት ምክር ስታስጠብቁት ያከማቻችሁትን ጉጉት እዚያ ላይ ትበትኑታላችሁ። መጠየቅ ካለባችሁ ከሁለተኛው ምክር በኋላ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ጠንካራውን ለሁለት መክፈል። «አምስተኛውን በክፍል ሁለት እነግራችኋለሁ» ማለት የገባችሁትን ቃል ማፍረስ ነው። ዝርዝሩ አምስት ካለ አምስቱም እዚያው ይሰጡ።

ገደቡን አለመናገር። መተንፈሻው ጭንቅላቱ በተቆረጠ ዓሣ ላይ አይሠራም፤ ይህን ካልተናገራችሁ ፊሌቶ የሚገዛው ተመልካች ገበያ ላይ ቆሞ ግራ ይገባዋል። ገደቡን ከምክሩ በኋላ አድርጉት። ከምክሩ በፊት ካመጣችሁት ገና ያልተሰማ ነገር ታዳክማላችሁ። ገደቡ ወደ አንዱ ቀደም ያለ ምክር የሚመልስ ከሆነ ደግሞ ተመልካቹ ባዶ እጁን አይቀርም፤ በኛ ስክሪፕት ወደ ጣት የመለሰው ለዚህ ነው።